ከጎንና ከኋላ የተነሳች ላም

ዋማይታ ሱቋን ከኔ ልብስ ስፌት ቤት አጠገብ የከፈተችው ባለቤቴ በሞተች በሦስተኛው ወር ነው። ቀኑን የማስታውሰው በዚያ ምክንያት እንጂ፣ በንጃቢኒ ከተማ አዲስ ሱቅ ተከፈተ ቢባል ማንም ዞር ብሎ አያይም። የእንስሳት መድኃኒት፣ የሚላስ ጨው፣ የዶሮ መኖ ትሸጣለች። ከጠረጴዛው ኋላ ደግሞ አንድ የብረት ጋን አለ። ውስጡ ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ በናይትሮጅኑ ቅዝቃዜ የተጠበቀ የኮርማ ዘር።

አሥራ አንድ ዓመት ወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ ቆማ የገበሬውን ወተት ስትለካ ኖራለች። ማን ውኃ እንደሚቀላቅል፣ የማን ላም እንደነጠፈች ከሩቅ ታውቃለች። አርባ አራት ዓመት ሲሞላት የማዳቀል ትምህርት ተምራ ምስክር ወረቀት ይዛ መጣች። ገበሬዎቹ ግን ወተታቸውን ለሴት መስጠት ለምደው፣ ላማቸውን ለሴት መስጠት አልለመዱም።

"የንጃምቢ እናት፣ ኮርማው አንቺ ነሽ አሉ፤ ቀንድሽ የት አለ?" ይላታል ሽማግሌው ምዜ ጊቹኪ በየገበያው ቀን፣ በልጇ ስም እየጠራት።

"ላምህ ስትጮህ ታየዋለህ" ትለዋለች።

ላሙ ኮርማ ፈልጋ ስትጮህ ግን የጎረቤቱን ኮርማ ነው የሚጠራው።

ጋኑ የዋማይታ አይደለም። ናይሮቢ ያለው አቅራቢ ድርጅት በውሰት ነው የሰጣት። በስድስት ወር ውስጥ ስልሳ ላም ካላዳቀለች ጋኑን አንስቶ ለሌላ ይሰጣል። አራተኛው ወር ሲያልቅ ደብተሯ ላይ የነበሩት ሃያ ዘጠኝ ላሞች ናቸው። ጋኑ ከሄደ የእጅ ሙያዋም አብሮ ይሄዳል። ጨውና መኖ ለመሸጥ መማር አያስፈልግም ነበር።

ግድግዳው ላይ ሥዕል ማሠራት ያኔ መጣላት። ሱቋ ወደ ገበያው የዞረ ሰፊ ግድግዳ አለው። እዚያ ላይ ከዚህ ኮርማ ዘር የተወለደች አንዲት ጥሩ ላም ብትሳል ገበሬው አይቶ ይመጣል አለች። የኮርማ ቁጥርና የአባት ስም የተጻፈበት መጽሔት ማንም አያነብም። ላም ግን ሁሉም ያነባል።

ከአቅራቢው ድርጅት አንድ ፎቶ ተላከላት። ሰዓሊው ኪሎንዞ የሚባል፣ አውቶቡስ ላይ አንበሳና እግር ኳስ ተጫዋች በመሳል ስሙ የወጣ ሰው ነው። ከማቻኮስ የመጣ፣ ናይሮቢ ያደገ። ላም የሚያውቀው በሥጋ ቤት በኩል ነው።

ፎቶው ከፊት፣ ቆሞ ከላይ ወደታች የተነሳ ነበር። ትልቅ ጭንቅላት፣ ጆሮ ላይ ቢጫ ቁጥር፣ ከዚያ በኋላ ትንሽ ሰውነት። ኪሎንዞ ያየውን እንዳለ ሳለ፤ ያላየውን ደግሞ ከራሱ ፈጠረ። ሁለት ቀን ሠርቶ መሰላሉን ሲያነሳ የገበያው ሰው ተሰበሰበ።

ግቷ ሆዷ መሃል ላይ ነበር። ጡቶቹ ስድስት ነበሩ፣ በተርታ።

"ይቺ ወተት ነው የምትሰጠው ወይስ ቡችላ?" አለ ምዜ ጊቹኪ። ሰው በሳቅ ሞተ። ከኋላ አንዱ፣ "ጎበዝ፣ የዚህች ሴት ዘር እንዲህ ነው የሚወልደው፣ ቤታችሁን ጠብቁ" ብሎ ጨመረ። ሳቁ ያኔ ሌላ ዓይነት ሆነ። ዋማይታ በሩ ላይ ቆማ እጇን በሽርጧ ትጠርግ ነበር፤ እጇ ንጹሕ ነበር።

በማግስቱ ኪሎንዞን "አጥፋው" አለችው።

"ማዳም፣ ፎቶው ላይ የሌለ ነገር ከየት ላምጣ?" አለ። "አንበሳ ስስል ጥርሱ ይታያል። የዚህች ላም ኋላ የት እንዳለ እግዜር ይወቅ።"

"ልክ ነህ፤ ጥፋቱ የፎቶው ነው" አለችና እኔ ጋ መጣች። የድሮ አስተማሪ ስለነበርኩ ደብዳቤ ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል። ግን እኔ ምንም አልጨመርኩበትም፤ እሷ ስትናገር ስልኳ ላይ ጻፍኩት ብቻ። ለአቅራቢው ድርጅት ሠራተኛ፣ ለአቲኖ፣ የተላከው ኢሜይል ይህ ነው፦

"ውድ አቲኖ፣ ስለ ፎቶው አመሰግናለሁ፤ ግን አልረዳኝም። ከፊትና ከላይ ስለተነሳ የሚታየው ጭንቅላቷ ብቻ ነው። የኔ ገበሬዎች ላም የሚመርጡት ከፊቷ አይደለም። ለሰዓሊው መነሻ የሚሆኑ ሁለት ፎቶዎች እለምንሻለሁ። አንዱ ሙሉ ጎኗን የሚያሳይ ይሁን። ፎቶ አንሺው ጎንበስ ብሎ ስልኩን በሆዷ ቁመት ይያዝ፤ ቆሞ ካነሳት እግሯ ያጥራል። ደልዳላ መሬት ላይ ትቁም፤ ቁልቁለት ላይ ከሆነች ጀርባዋ የጎበጠ ይመስላል። የኋላ እግሮቿ እኩል አይሁኑ፤ እኩል ከሆኑ ግቷን ይሸፍኑታል። ሁለተኛው በቀጥታ ከኋላ ይሁን፤ ግቷ ከላይ የት ጋ እንደተያያዘ እንዲታይ። ሁለቱም ከመታለቧ በፊት፣ ፀሐይ ከአንሺው ጀርባ ሆና። የቀረኝ ሁለት ወር ነው። ዋማይታ፣ ከንጃቢኒ።"

በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ። ያው ፎቶ ነበር፤ አሁን ግን በጣም ትልቅ።

ኪሎንዞ ስልኩን ተቀብሎ አገላበጠው። "ሽፋሽፍቷ በደንብ ይታያል" አለ። "ሽፋሽፍት ልሳል?"

ዋማይታ ደወለች። አቲኖ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀች፣ ከዚያ እውነቱን ተናገረች። "ማዳም፣ ሰነፍኩ ብለሽ እንዳትቀየሚኝ። እናንተ አገር ያሉትን የዚህን ኮርማ ልጆች ሁሉ ዞሬያለሁ። ፊቷን አንሺ ይሉኛል። ወደ ኋላ ስዞር ባለቤቱ መሃል ይገባል። ኪፒፒሪ ተራራ ሥር አንድ አሮጊት አሉ፣ ሾሾ ንዱታ የሚባሉ፣ በቀን ሃያ አራት ሊትር የምትታለብ ላም አላቸው። እኔን ሲያዩ ግቷ ላይ ጆንያ ያስራሉ!"

ዋማይታ ሳቀች፤ ሥዕሉ ከተሳለ ወዲህ ስትስቅ ያየሁት ያኔ ነው። "አንቺ የሐይቅ ዳር ልጅ ነሽ፣ ማን ይነግርሻል" አለቻት። "ሙሉ ግት እያየሽ ሳትመርቂ በስልክ ታነሺያለሽ? እኔም ብሆን አስርብሻለሁ። ረቡዕ ነይና አብረን እንሂድ።"

ኪሎንዞም መጣ፤ እኔም ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ቤት ቁጭ ብሎ ከመዋል ይሻላል። አራታችን በአቲኖ ፒክአፕ ስንደርስ የጠዋቱ ጉም ገና መነሳቱ ነበር፤ ላሟም ገና አልታለበችም። ሾሾ ንዱታ በረቱ በር ላይ የጭቃ ቦቲ ጫማ አድርገው ቆመዋል።

አቲኖ ከመኪናው ወርዳ ላሟን እንዳየች፣ "ውይ፣ እንዴት ታምራለች! ግቷን እዩት!" አለች።

አሮጊቷ በሩን ዘጉት።

ዋማይታ ቀስ ብላ ቀረበችና ራሷን ዝቅ አድርጋ ቆመች። "ሾሾ፣ ዓይናችን ክፉ አይደለም፤ የመጣነው ለበጎ ነው" አለች። በበሩ ክፍተት አሻግራ ወደ ላሟ "እንትፍ፣ እንትፍ" አለች፤ ጠብታ እንኳ የሌለበት ምራቅ፣ እንደ ምርቃት። "ትብዛ፣ ትውለድ፣ ወተቷ አይቋረጥ።"

"የማን ልጅ ነሽ?" አሉ አሮጊቷ።

"የካሪቲ ልጅ ነኝ፣ ጣቢያው ላይ ወተት ስለካ የነበርኩት።"

"የኔን ወተት አንድ ቀን ውኃ አለው ብለሽ መልሰሻል።"

"ውኃ ነበረው፣ ሾሾ።"

አሮጊቷ ትንሽ አሰቡና፣ "የልጅ ልጄ ነበር የጨመረው" ብለው በሩን ከፈቱ። "ይኸው ግቡ። ሁላችሁም ግን ትመርቁና ነው።"

መረቅን። አቲኖ ዓይን አፋር ሆና በቀስታ እንትፍ አለች። ኪሎንዞ ግን ሙሉ አፉን ተፋ።

"አንተ ሰዓሊ ነህ ወይስ ዝናብ?" አሉት ሾሾ ንዱታ። "በል ወግድ፣ ላሜን አጠብካት።"

ጆንያው ተፈታ። እኔ ገመዱን ይዤ ላሟን ደልዳላው ላይ አቆምኳት። ዋማይታ የኋላ እግሯን በመዳፏ ገፋ አድርጋ ለየችው። አቲኖ ጭቃው ላይ ተንበርክካ ከሆዷ ቁመት አነሳቻት፣ ቀጥሎም ዞራ ከኋላ። ኪሎንዞ ፎቶውን አልጠበቀም። ከኋላዋ ቁጢጥ ብሎ አፉን ከፍቶ ያይ ነበር። "ለካ ከላይ ነው የሚጀምረው" አለ፤ "አራት ብቻ ናቸው።"

ስንወጣ አሮጊቷ ዋማይታን ክንዷን ያዟት። "ግድግዳ ላይ ስትሆን ግን የኔ እንዳትሆን። ገበያ ሙሉ ሰው የኔን ላም ሲያያት አይውልም።"

"ምን እናድርግላት?"

"ግንባሯ ላይ ያለውን ነጭ ወደ ትከሻዋ ውሰዱት። ያኔ የማንም አይደለችም።"

ኪሎንዞ እንደተባለው አደረገ። አምስት ቀን ፈጀበት፤ የሁለተኛዋንም ዋጋ አልጠየቀም። ላሟ በጎኗ ቆመች፣ አጠገቧ ደግሞ ያቺው ላም ከኋላ። ነጩ ትከሻዋ ላይ ነበር።

በገበያው ቀን ማንም አልሳቀም። ሰዎቹ ቆመው ተከራከሩ። አንዱ የኋላ እግሯ ትንሽ ቀጥ ብሏል አለ፣ ሌላው የለም ልክ ነው አለ፣ ሦስተኛው ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ግቷ የተያያዘበትን በጣቱ ለካ። ምዜ ጊቹኪም ብዙ ቆሞ አየ። ብዙዎቹ ሳያውቁት እንትፍ እንትፍ እያሉ ነበር፤ ከግድግዳው ሥር ያለው ድንጋይ ረጠበ። ከዚያ አንዱ ሱቁ ውስጥ ገብቶ፣ "አባቷ ማን ነው?" ሲል ሰማሁት።

ዋማይታ ከዚያ ወዲያ ሱቅ ውስጥ የምትገኘው ጥቂት ነው። ጠዋት ኮርማ የፈለገች ላም ካለች ወደ ማታ ትሄድላታለች፣ ማታ የፈለገችውን በማግስቱ ጠዋት። ሞተር ብስክሌት ተከራየች። ቦቲዋ ጭቃ፣ ክንዷ ቀይ ሆኖ ስትመለስ ከሱቄ በር ላይ ሻይ እሰጣታለሁ።

ስድስተኛው ወር ባለቀ ማግስት አቲኖ በፒክአፑ መጣች። ደብተሩ ላይ ሃምሳ ሦስት ነበር። ዋማይታ ደብተሩን ሰጠቻትና ጋኑን ራሷ ወደ በሩ ጎተተችው። "ሰባት ጎድሎኛል" አለች። "ያልሆነ ቁጥር አልጽፍም።"

አቲኖ ደብተሩን ገለጠች። የፊተኞቹ አራት ወራት ሁለት ገጽ አልሞሉም፤ የኋለኞቹ ሦስት ሳምንታት አንድ ገጽ አልፈው ሄደዋል። የአንዲት ላም ባለቤት ስም ላይ ቆመች። "ይሄ ማነው? ጊቹኪ?"

"ትናንት ማታ ነው የጠራኝ" አለች ዋማይታ። "በጓሮ በኩል ግቢ አለኝ፣ ሰው እንዳያየኝ ብሎ።"

አቲኖ ሳቀች። ወደ ውጭ ወጥታ ለናይሮቢ አለቃዋ ደወለችለት፤ ግድግዳውን እያየች፣ እጇን እያወናጨፈች ረጅም አወራች። "ስልሳ ነው ያልከኝ፣ አውቃለሁ" ስትል ሰማሁ። "ና ራስህ እየው እንግዲህ።" ከዚያ ብዙ አዳመጠች። ስልኩን ዘግታ ስትመለስ ግን የመለኪያ ዘንጉን ይዛ ነበር። የጋኑን ክዳን ከፍታ ዘንጉን ሰደደችው፣ አውጥታ በብርሃን አየችው።

"ዝቅ ብሏል" አለች። "ማዳም፣ ያን ጓንት አቀብይኝ፤ ልሙላው።"

ዋማይታ ቶሎ አልተንቀሳቀሰችም። ከዚያ ጓንቱን አመጣች። ከመኪናው ላይ ካለው ትልቅ ጋን ናይትሮጅኑ ሲወርድ ነጭ ጉም በጠረጴዛው ሥር ፈሰሰ፣ እስከ እግራችንም ደረሰ። የዋማይታ ስልክ ጠራ። "አዎ፣ እኔ ነኝ" አለች፣ "ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው የምትጮኸው?"