ካፒቴኑ ቀድመው የተናገሩ ለት

ራትሪ በኢንዶኔዥያ፣ በሱራባያ ወደብ የመርከብ ሠራተኞችን ታወያያለች። ሕጓ ጥብቅ ነው፦ መጀመሪያ ሁሉም ዝም ብሎ ሐሳቡን ያለ ስም ይጽፋል፤ ወረቀቶቹ ተደባልቀው ተነብበው ሳያልቁ ማንም አይተችም፤ አለቃ መጨረሻ ይናገራል።

ዛሬ ግን ሕጓን ራሷ አፈረሰችው። በአገሩ ወግ ስብሰባ የሚከፍተው ትልቅ ሰው ነውና፣ ካፒቴን ጉናርዲ ሰላምታ ብቻ እንዲሰጡ ፈቀደች። ጥያቄው "በዚህ ጉዞ ምን ያሰጋናል?" የሚል ነበር።

"እንኳን ደህና መጣችሁ!" አሉ ካፒቴኑ፣ ቤቱን በድምፃቸው ሞልተው። "መርከባችን አንበሳ ናት! የሚያሰጋን ዝናብ ብቻ ነው። በሉ ጻፉ!"

ራትሪ ከንፈሯን ነከሰች። የሞተር ክፍሉ ሠራተኛ፣ ዝምተኛው ሳሚራን፣ ጀምሮት የነበረውን ጽሑፍ ድምጥማጡን አጥፍቶ ሌላ ሲጽፍ አየችው።

ወረቀቶቹን አነበበች። ዝናብ። ዝናብ። ዝናብ። በመስኮቱ የሚታየው ሰማይ ግን ጥርት ያለ ነው።

"አላልኳችሁም?" ብለው ሳቁ ካፒቴኑ።

ሠራተኞቹ ሲወጡ ሳሚራንን ለብቻው ያዘችው። "ወንድሜ፣ መጀመሪያ የጻፍከው ምን ነበር?"

"ኧረ ምንም። ጋሼ እንዳሉት ነው።"

የመርከቧ ጡሩምባ ጮኸ። ቤቷ ከባሕሩ ማዶ ነውና ራትሪም ከመንገደኞቹ ጋር ተሳፈረች። ሳሚራን ደረጃው ላይ አለፋት፤ መልሕቅ ገና ሳይነሳ፣ ከሠራተኞቹ ሁሉ እሱ ብቻ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን ለብሷል።