ያላነበብኩት ረድፍ

ቦንጋ ኢንተርኔት ቤት ተቀጥሬ በምሠራበት ዘመን «ችግሩ ከላይ ነው» ከተባለ ነገሩ አለቀ። ደመወዝ ሲዘገይም፣ ዝውውር ሲከለከልም፣ መብራት ሲጠፋም መልሱ ይኸው ነበር። ሰውም ሰምቶ ይሄዳል። ከላይ ካለ ማን ጋር ይከራከራል?

አንድ ቀን አንዲት መምህርት ገጠር ካለችው ደካ በጠዋት መጣች። ከጎጃም ተመድባ እዚያ አራት ዓመት አስተምራለች። ለሁለተኛ ዲግሪ ልታመለክት ነው፤ ማመልከቻው በኢንተርኔት ብቻ የሚሞላ፣ በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚዘጋ። ማስረጃዎቿን በፍላሽ ይዛለች። የማመልከቻው ገጽ ግን አልከፈት አለ።

መስመሩን የዘረጋልን ቴክኒሺያን መስመሩን ለኮምፒውተሮቹ የሚያከፋፍለውን የራውተሩን የሁኔታ ገጽ ከፍቶ ሦስት ነገር እንድመለከት አስተምሮኝ ነበር፦ መስመሩ መያያዙን፣ ከኢንተርኔት አቅራቢው አድራሻ መሰጠቱን፣ የስም ሰርቨሮቹ መመደባቸውን። «ኮምፒውተር ድረ ገጽ ጋ የሚደርሰው በቁጥር ነው፤ የጻፍከውን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይሩለት እነሱ ናቸው» ብሎኝ ቁጥራቸውን በወረቀት ጽፎልኝ ሄደ።

የራውተሩን ገጽ ከፈትኩ። መስመሩ ተያይዟል። አድራሻውም ተሰጥቷል። የቀረው ረድፍ ከስክሪኑ በታች ነው፤ ወደ ታች ማውረድ ብቻ ነበር የሚቀረኝ። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ቤት አልመታ ያለችኝ ግጥም ነበረችና ሐሳቤ ወደ እሷ ሸሸ። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ እነዚያኑ ሁለት ረድፎች ዳግመኛ አየሁ።

«ቲቸር፣ የእኛ ደህና ነው። ችግሩ ከላይ ነው።»

«ዛሬ ይስተካከላል?»

«አይመስለኝም።»

የደካ የመጨረሻ መኪና ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል፤ በማግስቱ ፈተና ትፈትናለች። ምናልባት ከተስተካከለ ብላ ስልክ ቁጥሯን ጻፈችልኝ፤ ፍላሿን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ አመሰገነችኝና ሄደች።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ተማሪ «ኢሜይል አይከፍትም» ሲለኝ የራውተሩን ገጽ እንደገና ከፈትኩ፤ አሁን እስከ ታች አወረድኩት። የስም ሰርቨሮቹ ቦታ ላይ ዜሮ ብቻ ተደርድሯል፤ አልተመደቡም። ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቼ ቁጥሮቹን ኮምፒውተሩ ላይ በእጄ ሞላሁ። ኢሜይሉም፣ የማመልከቻው ገጽም ተከፈቱ። ደወልኩላት፤ ስልኳ አይሠራም፤ መንገድ ላይ ናት። አሥራ አንድ ሰዓት እስኪሆን ባዶውን ቅጽ ሳይ ቆየሁ። ስሟን እንኳ በሙሉ አላውቀውም።

ከሳምንት በኋላ በእጇ የጻፈችውን የፈተና ወረቀት ልታስተይብና ልታሳትም መጣች። ባልነግራት አታውቅም ነበር። ነገርኳት።

«ለማስተካከል ስንት ደቂቃ ፈጀብህ?» አለችኝ።

«አምስት።»

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ገና ያልታተመውን ወረቀቷን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስታ፣ ጠርዙን አስተካክላ፣ መንገዱን ተሻግራ ሌላ ኢንተርኔት ቤት ገባች። በመስኮቱ በኩል ተራ ስትይዝ አየኋት።