ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ደንብ

ሆሳዕና ባለው የኤሌክትሮኒክስ ሱቃችን ሽማግሌ ይዞ የመጣ ደንበኛ ገንዘቡ ይመለስለት ነበር፤ ብቻውን የመጣ ተከራክሮ ባዶ እጁን ይሄድ ነበር። ይሄ ቢያንገሸግሸኝ ደንብ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። በሳምንት ውስጥ በራሱ የተበላሸ ዕቃ በደረሰኝ ይቀየራል፤ ቅያሪ ከሌለ ገንዘቡ ይመለሳል። መብራት ያቃጠለውን ግን ለማንም አንቀይርም።

መጀመሪያ የመጣው የተበላሸ ቴሌቪዥን ይዞ ሽማግሌዎች ያስከተለው የገዛ አጎቴ ነበር። ሻጫችን ቴሌቪዥኑን በቴክኒሻን አስፈትሻ፣ መብራት እንዳቃጠለው አሳየቻቸውና ደንቡን በሀዲይኛ አስረዳቻቸው።

እዚያው እያሉ ከሆመቾ ብቻዋን የመጣች ሴት ቻርጅ የማያደርግ ስፒከር አቀረበች። ሻጯ ሞክራ፣ ደረሰኙን አይታ በአዲስ ቀየረችላት።

አጎቴ «ሽማግሌ እንኳ አልያዘችም» ሲል አጉረመረመ።

አንደኛው ሽማግሌ ከዘራውን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። «የእሷ ሽማግሌ ያውና» አለና ባርኔጣውን አወለቀ።