የስድስት ሰዓት ርሃብ

ንፋስ መውጫ ቢሮ ስለምሠራ በሁዳዴ ምሳዬን በስድስት ሰዓት እበላለሁ። ገጠር ያሉት አባቴ በዚህ ይቆጡኛል፤ እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚጾሙ ነው የሚነግሩን።

ዘንድሮ ገጠር ሄጄ አክፍሎቱን አብሬያቸው ያዝሁ፤ ከሐሙስ ማታ እስከ ፋሲካ ምንም አይቀመስም። ዓርብ በስድስት ሰዓት ስግደት ላይ ሳለሁ ርሃብ ሞረሞረኝ። እየባሰ ሄዶ ይጥለኛል ብዬ ስፈራ፣ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ጠፋ። ግራ ገባኝ። ታምሜ ይሆን? ወይስ በረከት ነው? በእራት ሰዓት መጣ፤ ደግሞ ሄደ። ይባስ ግራ ገባኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴን ብጠይቃቸው ሳቁብኝ።

«ርሃብ ባስለመድሽው ሰዓት ይመጣል፤ ካልሰጠሽው ይሄዳል። እኔን በስድስት ሰዓት ምን ሊያደርገኝ! የእኔ ዘጠኝ ሲል ነው የሚመጣው።»

ስድስት ሰዓት ሲሆን የእኔው መጣ፤ ከትናንቱ ለስለስ ብሏል። ወዲያው አንድ ሆድ ጮኸ። የእኔ አልነበረም። ቤት ውስጥ ያለነው ደግሞ ሁለታችን ብቻ ነን። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔም የሰማሁትን ማመን አቅቶኝ አፌን በነጠላዬ ሸፈንሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ግን አላስችል አለኝ።

«ሄደልዎ?» አልኋቸው።

«ሄደ» አሉኝ፣ ሳያስቡት።