ከሲሬ የመመለሻው ሰዓት

በጃንሆይ ጊዜ ነቀምቴ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። ከአንድ ጉራጌ ነጋዴ ብስክሌት ገዛሁ፤ እጮኛዬ ሲሬ ከተማ ትኖር ነበር። ሽማግሌ ልኬ ቤተሰቦቿ ፈቅደውልኛል፤ እሷ ግን ትፈልገኝ እንደሆነ አላውቅም። እንግዳ ፊት አንገቷን ደፍታ ነው የምትቀመጠው። ያንን ሳላውቅ ማግባት ደግሞ አስፈራኝ።

መንገዱ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በከተማው ሜዳ ላይ ያለ ጭነት በሰዓት ሃያ ስለነዳሁ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃኛል አልኩ። አስተማሪ ነኝና የተጠራጠረኝ የለም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። መንገዱ በአብዛኛው ቁልቁል ቢሆንም ኮረት ነው፤ ፍሬን ይዤ ወረድኩ። የበጋው ነፋስ ከምሥራቅ ፊት ለፊት ይገፋኛል። በሰዓት አሥራ ሁለት ከሄድኩ ትልቅ ነገር ነው። አምስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ደረስኩ።

አባቷ የመንገድ ሥራ ካቦ ነበሩ። ሠርግ ሳይደረግ በቤታቸው ማደር አይታሰብም፤ በጨለማ መንዳት ደግሞ ጅቡ አይፈቅድም።

«ስትመለስ ዳገት ነው፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «ነፋሱ ከኋላ ቢገፋህም በሰዓት ከአሥር አትበልጥም። አምስት ሰዓት መንገድ፣ አንድ ሰዓት ዕረፍት። ሳይጨልም እንድትገባ ስድስት ተኩል ላይ ትነሳለህ።»

ልክ ነበሩ። በጣም ጠላኋቸው።

ይባስ ብሎ እናቷ እንግዳ ባዶ እጁን አይሄድም ብለው በቆሎ በጆንያ፣ ቅቤ በቅል አወጡ። ካቦው ጆንያውን ከፍ አድርገው መዘኑት።

«ይሄን ጭነህ ከስምንት አታልፍም። አምስት ከሩብ ላይ ውጣ።»

ገና ላቤ አልደረቀም ነበር። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ጫንኩ። ዳገቱን ብዙውን በእግሬ እየገፋሁ ወጣሁት።

በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ፤ ጤፍ ተጨመረ፣ ማርም ተጨመረ። የእኒያ ሴትዮ ደግነት ገደለኝ። በየሳምንቱ ጓዳዬ ሞላ፤ ከልጅቱ ጋር ግን ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም።

በአራተኛው ቅዳሜ እናቷ ጆንያውን ሲያስሩ፣ ልጅቱ ሳታስበው ይሁን አስባበት፣ ቀና አለች።

«ሀርሜ፣ ዛሬ ምንም አትስጪው።»

የእናቷ እጅ ገመዱ ላይ ቀረ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ቃል ስድብ ነው።

«ባዶ እጁን? ሰው ምን ይላል?»

«ጆንያው አንድ ሰዓት ከሩብ ይወስድብኛል» አለች፣ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ።

ሒሳቡን በልቤ ደገምኩት። ልክ ነው። ለካ እሷም ሰዓቱን ስትቆጥር ኖራለች።

ካቦው ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ተነስተው ጆንያውን ራሳቸው ወደ ጓዳ መለሱት።

«ስድስት ተኩል» አሉኝና እናቷን አስከትለው፣ በሩን ክፍት ትተው ወጡ።