አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወጥተናል

የምሠራበት ልብስ ስፌት ፋብሪካ አንድ ዘዴ አለው፦ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የመውጫ አሻራ ያስደርገንና ወደ ስፌታችን ይመልሰናል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የጠየቀ ይባረራል ስለሚባል ሁሉም ዝም ነው። ሰሞኑን እኔን አንገሸገሸኝ። አሻራ አድርጌ ተመልሼ አንድ ሰዓት ያህል እንደሰፋሁ "በነጻ አልሰፋም አቦ!" ብዬ ጮህኩና ሳቢያን ሰፈር ወዳለው ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ኃላፊው ማስጠንቀቂያ ይዞ መጣ። "ትናንት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ቦታ በጥብጠሻል። ፈርሚ!"

"አሻራዬን እይ አለቃ፤ በአስራ አንድ ወጥቻለሁ። ነበርሽ ካልክ ደግሞ የትርፍ ሰዓቱን ሒሳብ አንድ ተኩል እጥፍ አድርገህ ክፈለኛ!"

ፊቱ ቀላ። ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ "ስትጮህ የሰማችሁ መስክሩ!" አለ።

እንዳትባረር ፈርታ ከጠዋት ጀምሮ ከእኔ ጋር መታየት ያቆመችው ጓደኛዬ ፋጡማ ከማሽኗ ተነሳች።

"ከየት ሰምተን አለቃ? ሁላችንም እኮ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወጥተናል።"