ቀዩ ነጭ ቀሚስ

ነዒማ ልጄ ናት። አትኩራ የሚለኝ ሰው ካለ ከወዲሁ ይወቀው፤ ወላሂ አልሰማውም!

ከወሎ መቀሌ ከገባሁ ጀምሮ ሥራዬ የሐበሻ ቀሚስ መሸጥ ነው። እሷ ቃላሚኖ ትምህርት ቤት ተምራ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ በ2011 ዓ.ም. በኢንተርኔት ዕቃ የሚያሻሽጥ ድርጅት ገባች። የመቀሌን ነጋዴዎች ቀሚስ ፎቶ እያነሳች ድረ ገጹ ላይ ትጭናለች። "ሱቅ የሌለው ሱቅ" እያልኩ ብተርባትም የእኔንም ቀሚሶች ሰጠኋት።

ሁለት ወር አለፈ፣ ገዢ የለም። አዲስ አበባ ያለው አለቃዋ አቢ ደወለ። "ካልተሸጠ በወሩ መጨረሻ የመቀሌን ክፍል እንዘጋዋለን" አላት። ክፍሉ ተዘጋ ማለት ልጄ ሥራ ፈታች ማለት ነው። እሷ እህል አስጠላት፣ እኔ ደግሞ ነደደኝ። የእኔ ቀሚስ ምን እንከን ይወጣለታል!

አንድ ቀን ነዒማ ሱቄ ውስጥ ተክዛ ተቀምጣ ሳለ ደንበኛዬ ሳምራዊት ገባች።

"ኑርሁሴን ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ለሰርግ የሚሆን ነጭ ቀሚስ አሳየኝ።"

"ቀዩን ላውርድልሽ ወይስ አረንጓዴውን?"

"ቀዩን።"

አወረድኩላት። ነዒማ ተስፈንጥራ ተነሳች።

"አባ፣ ይሄ እኮ ነጭ ነው!"

"ደህና አይደለሽም እንዴ? ሁሉም ነጭ አይደል! የምንጠራው በጥለቱ ነው።"

"ጉድ ፈላ!" አለችና ኮምፒውተሯን ከፈተች።

ለካ ድርጅቱ በሰጠን ቅጽ ላይ "ቀለም" ለሚለው ሁላችንም ነጋዴዎች የጥለቱን ነው የጻፍነው። ድረ ገጹ ግን ሁለት ቦታ አለው፤ አንዱ የልብሱ ቀለም፣ ሌላው የጥለቱ ቀለም። የእኛ "ቀለም" በሙሉ የልብሱ ውስጥ ገብቷል፣ የጥለቱ ባዶ ቀርቷል። ገዢዋ የፈለገችውን ብቻ በሚያወጣላት ማጣሪያ ላይ "ነጭ" ብላ ስትመርጥ የእኔ ቀሚስ ቀይ ልብስ ነው ተብሎ ይወድቃል። ፎቶውስ? ማጣሪያው ፎቶ አያይም፣ የተሞላውን ብቻ ነው የሚያየው።

እኛ የጻፍነውን ወደ ጥለቱ ቀለም አዛወረችው። የልብሱን ቀለም ግን በጅምላ ነጭ አላለችም፤ እያንዳንዱን ፎቶ እያየች ሞላች።

"ይሄስ አባ?"

"እሱ ጥቁር ነው፣ ጥለቱ ወርቃማ።"

በማግስቱ ስልኳን ሰጠችኝ። ነጭ ልብስ፣ ቀይ ጥለት ብዬ መረጥኩ። የእኔ ቀሚሶች ተደርድረው ወጡ! ትእዛዙም ይጎርፍ ጀመር።

ወሩ ሳያልቅ አቢ ደወለ። ክፍሉ አይዘጋም። የሌላውን ከተማ ቀሚስ ሁሉ አንቺ አስተካክይልን አላት። ድምፁን ከፍታልኝ ስለነበር እሰማለሁ።

"ግን ከየት አገኘሽው? እኛ ስንት ጊዜ ፈልገን ያጣነውን?"

"ከአባቴ ሱቅ" አለችው።

ወደ መደርደሪያው ዞሬ ቀሚስ የማጥፍ መሰልኩ። አለቀስኩ እንጂ የታባቴ አጥፌ!